ፎቶው ላይ ያልነበረ ሐረካ

 

የዛሬው ጥያቄያችን ሲያዩት ትንሽ ነው። አንድ ወጣት አያቱ ትተውለት ካለፉት ኪታብ አንድ ገጽ በስልኩ ያነሳና "ይህ ምን ይላል?" ብሎ ይልካል። በአጅባር፣ በመካነ ሰላም፣ በከላላ፣ በወግዲ እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ በሳጥን ወይም በከረጢት ጠቅልሎ ያስቀመጠ ቤተሰብ ይገኛል። ዐረብኛ የሚያውቅ ወንድም ወይም እህት ፎቶውን እያየ ጽሑፉን ይተይበዋል፣ ከሥሩም የአማርኛ ትርጉሙን ያስቀምጣል። ፎቶው ላይ ያለው ጽሑፍ ፊደል ብቻ ነው፣ ሐረካ የለውም። ተተይቦ የመጣው ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ ተደርጎበታል። ያምራል፣ ለማንበብም ይቀላል።

ታዲያ እነዚያን ሐረካት ማን አስቀመጣቸው? ኪታቡን የጻፉት ሸህ ወይስ የተረጎመው ሰው? ተቀባዩ ይህን መለየት ካልቻለ፣ ተርጓሚው በሟቹ ሸህ ስም የራሱን ንባብ አስተላልፏል ማለት ነው። ነገሩ የአማና ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን ቀስ ብለን እንሂድ። ሦስት ፊደላት እንውሰድ፦ ቃፍ፣ ታ፣ ላም። ሦስቱም ላይ ፈትሓ ካደረግን "ቀተለ" ይሆናል፣ ገደለ ማለት ነው። ቃፉ ላይ ዶማ፣ ታው ሥር ከስራ ካደረግን ደግሞ "ቁቲለ" ይሆናል፣ ተገደለ ማለት ነው። ፊደሉ አንድ ነው። ገዳይና ሟችን የሚለየው ሁለት ትናንሽ ጭረት ነው።

አሁን በአንድ አሮጌ ኪታብ ኅዳግ ላይ ያለ ሐረካ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ አለ እንበል። ቃፍ፣ ታ፣ ላም ይልና "አሽሸይኽ ሙሐመድ" ብሎ ይቀጥላል። ከዚያ በፊት የማንም ስም አልተጠቀሰም። ሸህ ሙሐመድ ገደሉ ነው ወይስ ተገደሉ? ፊደሉ አይናገርም። ተርጓሚው ደስ ያለውን መርጦ ሐረካ ቢያደርግበት፣ የአንድን ቤተሰብ ታሪክ በአንድ ጭረት ጻፈው ማለት ነው። የልጅ ልጆቹ "አያታችን ሸሂድ ነበሩ" ብለው ይናገራሉ፣ ወይም "አያታችን የሰው ደም ነበረባቸው" ብለው ያፍራሉ። ምንጩም ፎቶው ላይ ያልነበረ ሐረካ ነው።

ታዲያ ተርጓሚው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? አይደለም። መጀመሪያ ማድረግ ያለበት፣ ሐረካውን የሚያረጋግጥ ነገር ገጹ ላይ በፊደል ተጽፎ እንደሆነ መፈለግ ነው። ነሕው የቀራ ሰው መረጃ የሚሆኑትን ፊደላት ያውቃቸዋል። ለምሳሌ ከስሙ በኋላ "ሸሂደን" የሚል ቃል ቢኖር፣ መጨረሻው ላይ ያለው አሊፍ በገጹ ላይ ይታያል። "ሸሂድ ሆነው" ማለት ስለሆነ ንባቡን ወደ "ቁቲለ" ይወስደዋል። ስሙ በ"አቡ" የሚጀምር ከሆነም ሌላ ምልክት አለ። "አባ በክር" ተብሎ በአሊፍ ከተጻፈ ድርጊቱ የተፈጸመበት ሰው ስለሆነ ንባቡ "ቀተለ" ነው፣ ገዳዩም ሌላ ሰው ነው። "አቡ በክር" ተብሎ በዋው ከተጻፈ ግን አይለይም። ገዳይም ይሁን ተገዳይ፣ በሁለቱም ንባብ ስሙ በዋው ነው የሚጻፈው። እዚህ ላይ ነሕው ራሱ "አላውቅም" ይላል፣ ተርጓሚውም አብሮት "አላውቅም" ማለት አለበት።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያው ደንብ ቀላል ነው። ገጹ ራሱ የሚመሰክርለትን ሐረካ ማድረግ ይቻላል። ገጹ የማይመሰክርለትን ግን ባለበት መተው ይገባል። ሱረቱል ኢስራእ 36ኛው አንቀጽ ላይ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ተከልክለናል፣ መስሚያና ማያም እንደሚጠየቁበት ተነግሮናል። ያላየነውን ጭረት እንዳየን አድርጎ መጻፍ ከዚህ ክልከላ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ይህ ጥንቃቄ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የሐረካ ታሪክ ራሱ ያስተምረዋል። እንደሚዘገበው አቡል አስወድ አድዱአሊ (በ69 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት) በሙስሐፍ ላይ የንባብ ምልክት ለማድረግ ሲነሱ ጸሐፊ ጠሩና እንዲህ አደረጉ፦ አፌን ስከፍት ከፊደሉ በላይ ነጥብ አድርግ፣ ከንፈሬን ስገጥም ከፊደሉ ጎን፣ ወደ ታች ስሰብር ከፊደሉ ሥር። ዛሬ ፈትሓ፣ ዶማና ከስራ የምንላቸው ስሞች መክፈት፣ መግጠምና መስበር ከሚሉት ቃላት የመጡ ናቸው። ዛሬ የምናውቃቸውን ቅርጾች ኋላ ላይ ያወጡት ደግሞ ኸሊል ኢብኑ አሕመድ እንደሆኑ ይነገራል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው የቀለሙ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ጥቁር ነበር፣ ነጥቦቹ ግን በሌላ ቀለም፣ በአብዛኛው በቀይ ነበር የሚደረጉት። የቁርአን አጻጻፍ ሊቅ የሆኑት አቡ ዐምር አድዳኒ (በ444 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት) ነጥቡን ከጽሑፉ ጋር በአንድ ጥቁር ቀለም ማድረግን አልፈቀዱም፣ የጽሑፉን መልክ ይለውጣል ብለው። አንባቢው ዐይኑን ጣል ሲያደርግ የትኛው ከጥንት የመጣ ጽሑፍ፣ የትኛው ለንባብ የተጨመረ እርዳታ እንደሆነ ያያል ማለት ነው። ከኢማሙ ማሊክም ተመሳሳይ ነገር ተዘግቧል። ልጆች በሚማሩባቸው ሙስሐፎች ላይ ምልክት ማድረግን ፈቅደዋል፣ ሌሎች የሚገለበጡባቸው ዋና ሙስሐፎች ላይ ግን አልወደዱም። ኋላ ላይ ዑለማዎች ሐረካ ከስህተት ስለሚጠብቅ ሙስሐፍ ላይ ማድረጉ ተወዳጅ ነው አሉ፣ ኢማሙ ነወዊም ይህንኑ ጽፈዋል። ያም ሆኖ የማሊክ ልዩነት ለእኛ ጥያቄ ቁልፍ ነው። የልጅ ሉሕ ሌላ ነው፣ ዋናው ቅጂ ሌላ ነው። ሐረካ ለሉሑ ምሕረት ነው። ዋናው ቅጂ ላይ ያለ ምልክት ሲጨመር ግን ጣልቃ መግባት ይሆናል።

ከፎቶ የሚተይብ ሰው ችግሩ ስልኩ አንድ ቀለም ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ሸሁ የጻፉት ፈትሓና እሱ የጨመረው ፈትሓ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ቀዩን ቀለም በሌላ መንገድ መተካት አለበት። መንገዱም ሁለት መስመር መጻፍ ነው። የመጀመሪያው መስመር "ገጹ ላይ ያለው" ይባላል፣ በእሱ ላይ ፎቶው ላይ የሚታየው ብቻ ይሰፍራል። ሐረካ ካለ እንዳለ፣ ከሌለም እንደሌለ። ሁለተኛው መስመር "የእኔ ንባብ" ይባላል፣ በእሱ ላይ ተርጓሚው ያመነበትን ሐረካ ለጀማሪ አንባቢ ያደርጋል፣ የተጠራጠረበትን ቃል ግን ባዶ ይተወዋል። የመጀመሪያው መስመር ሌላም ጥቅም አለው። በስልክና በኮምፒውተር እያንዳንዱ ሐረካ ራሱን የቻለ ምልክት ሆኖ ከፊደሉ ቀጥሎ ስለሚቀመጥ፣ በብዙ ፕሮግራሞች ያለ ሐረካ የተፈለገ ቃል ሐረካ ያለበትን አያገኘውም። ያልተነካው መስመር ካለ ፍለጋውም ይሠራል።

ይህ አጠቃላይ መንገዱ ነው። ሦስት ዓይነት ጽሑፎች ግን ለየብቻ መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው የቁርአን አንቀጽ ነው። ፎቶው ላይ አንቀጽ ካለ፣ በመስጊድ ግድግዳም ይሁን በኪታብ ውስጥ፣ ሐረካ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከራሳችን ነሕው አውጥተን አናደርግለትም። ሱራውንና ቁጥሩን ለይተን፣ ከተረጋገጠ ሙስሐፍ ሙሉውን እንገለብጣለን። ቁርአን ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ስለሆነ ሐረካው በግምት አይገኝም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሱረቱ ኣሊ ዒምራን 146 ላይ እነዚያው ሦስት ፊደላት፣ ቃፍ፣ ታ፣ ላም ይገኛሉ። ዛሬ በየቤታችን ባለው በሐፍስ ንባብ በታተመው ሙስሐፍ "ቃተለ" ተብሎ ይነበባል፣ ከቃፉ በኋላ ትንሽ አሊፍ ከላይ ተደርጋለች። ከብዙ ነቢያት ጋር ብዙ ሰዎች እንደተዋጉ ይናገራል። በናፊዕ፣ በኢብኑ ከሲርና በአቡ ዐምር ንባብ ግን "ቁቲለ" ነው፣ መገደልን ይናገራል። ሁለቱም የተረጋገጡ፣ በሰነድ የመጡ ቂራአቶች ናቸው። በጎረቤታችን ሱዳን የአቡ ዐምር ንባብ በዱሪ ዘገባ ዛሬም ይቀራል። በአገራችንም አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ሙስሐፍ በሐፍስ ላይሆን ይችላል። አሁን አንድ ወጣት የአያቱን ሙስሐፍ ፎቶ አንስቶ ቃፉ ላይ ዶማ ቢያይና "ሸሁ ተሳስተዋል" ብሎ ከስልኩ ላይ በሐፍስ ቢተካው፣ ያረመው ስህተት የለም። ያጠፋው ግን አያቱ የቀሩበትን ቂራአት ምስክር ነው። ስለዚህ አሮጌ ሙስሐፍ ላይ ሐረካ ካለ ገጹ ላይ ያለው እንዳለ ይገለበጣል፣ ከሐፍስ የሚለይ ከሆነም ከጎኑ በማስታወሻ ይገለጻል፣ የቂራአት ዐዋቂም ይጠየቃል።

ሁለተኛው የሰው ስምና የቦታ ስም ነው። የሐዲስ ሊቁ ኢብኑ ሶላሕ (በ643 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት) ስለ ሐዲስ አጻጻፍ በጻፉት ምዕራፍ ይህንኑ ጥያቄያችንን አንስተዋል። አንዳንዶች የሚያሻማውን ቃል ብቻ ሐረካ አድርጉ ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ጀማሪ የሚያሻማውን ከማያሻማው ስለማይለይ ሁሉንም አድርጉ ይላሉ። ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው ግን የሰው ስም እንደሆነ ይጠቅሳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሌላ ቃል ቢጠፋብን ከፊቱና ከኋላው ካለው ሐሳብ እንደርስበታለን። ስም ግን በነሕው ሕግ አይሰላም፣ በፊቱም በኋላውም የሚጠቁመው ነገር የለም።

ለምሳሌ ዐይን፣ ባ፣ ያ፣ ዳል፣ ታእ መርቡጣ ተብለው የሚጻፉ ሁለት ስሞች አሉ። አንዱ ዑበይዳ ነው፣ በበድር ዕለት ከጠላት ጋር ገጥመው የቆሰሉት ሶሓባ ዑበይዳ ኢብኑል ሓሪስ ስም ነው። ሌላው ዐቢዳ ነው፣ የታቢዒዩ የዐቢዳ አስሰልማኒ ስም ነው። ፊደላቸው አንድ ነው። ስለዚህ ስም ላይ ደንቡ ሁለት ጫፍ አለው። በእርግጠኝነት የምታውቀውን ስም ከሁሉ አስቀድመህ ሐረካ አድርግበት፣ ሌላው እንዳይሳሳት። የማታውቀውን ስም ደግሞ ከሁሉ በላይ ተወው፣ ግምትህ የሚደገፍበት ምንም ነገር የለምና።

በእኛ አገር የቦታ ስም ላይ ይህ የባሰ ነው። ዐረብኛ "ኦ" እና "ኤ" ን ለብቻ የሚጽፍበት ፊደል የለውም። መካነ ሰላም የምትገኝበት ቦረና በዐረብኛ ፊደል ባ፣ ዋው፣ ራ፣ ኑን ተብሎ ሲጻፍ፣ አገሩን የማያውቅ ተርጓሚ ባው ላይ ዶማ ያደርግና "ቡረን" ብሎ ያነበዋል። አንባቢውም ቡረን የሚባል አገር ፍለጋ ይወጣል። መድኃኒቱ የአገሩን ሽማግሌ መጠየቅ ነው፣ ሰዋስው አይረዳም።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ብቻ የሚያጋጥመው ችግር አለ። የእኛ ፊደል ያለ አናባቢ አይጻፍም። ከዐረብኛው መስመር ላይ ሐረካውን ተጠንቅቀህ ብትተወውም፣ ስሙን በአማርኛ ስትጽፈው ወይ ዐቢዳ ነው ወይ ዑበይዳ ነው የምትለው፣ መካከል የለም። "ገደለ" እና "ተገደለ"ም እንደዚያው። ማለትም ትርጉሙ ራሱ ሐረካ ነው። ከላይ ዝም ብሎ ከታች መምረጥ ያው ምስክርነት ስለሆነ፣ በአማርኛውም "ገደሉ ወይም ተገደሉ፣ ጽሑፉ አይለየውም" ብሎ መጻፍ ይገባል።

ሦስተኛው ዐጀሚ ነው። የወሎ ዑለማዎች፣ እንደ ሸህ ጦልሓ ጀዕፈር ያሉት፣ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው መንዙማ አስተላልፈውልናል። ፎቶው ላይ ያለው ጽሑፍ ዐረብኛ መስሎ አማርኛ ሊሆን ይችላል። ሲን እና ሚም ብቻ ተጽፎ ቢገኝ በዐረብኛ መርዝ ማለት ይሆናል፣ በአማርኛ ግን ስም፣ ወይም ሰም፣ ወይም ሳም ሊሆን ይችላል። በዐጀሚ ላይ ጸሐፊው ያደረጉት ሐረካ የቃሉ አካል ነው፣ አንዱም መቅረት የለበትም። የዐረብኛ ሦስት ሐረካት የአማርኛን ሰባት ድምፆች ሊሸከሙ ስለተገደዱ አንድ ከስራ አንዴ "ኢ"፣ አንዴ "ኤ"፣ አንዴ "እ" ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዐረብኛ ሰዋስው ማረም ጨርሶ አይቻልም። ሐረካ የሌለው ዐጀሚ ከሆነም መንዙማውን በቃል የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ድረስ ባዶውን መተው ይሻላል።

የሚታየውን ሐረካ ለመገልበጥም ቢሆን ዐይን ይሳሳታል። በብዙ የታተሙ መጻሕፍት ሸዳና ከስራ አንድ ፊደል ላይ ሲገናኙ ከስራው ከፊደሉ ሥር አይቀመጥም፣ ከሸዳው ሥር ሆኖ ከፊደሉ በላይ ይውላል። ፎቶው ደብዘዝ ካለ ፈትሓ ይመስላል። "ሙዐሊም" የሚለው አስተማሪ "ሙዐለም" ይሆንና ተማሪው ይሆናል። ጭረቱ ከሸዳው በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል። የመስጊድ ጌጥ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ክፍት ቦታ ለመሙላት የሚደረጉ ትናንሽ ምልክቶች አሉ። ነጥብ የሌለውን ሓ ወይም ዐይን ለመለየት ከሥሩ የምትጻፍ ትንሽ ፊደልም አለች። እነዚህ ሐረካ አይደሉም። ምልክቱ ሐረካ ይሁን ጌጥ ወይም የቀለም ጠብታ ካልታወቀ፣ በሌላ ብርሃን ሁለተኛ ፎቶ መጠየቅ ከመገመት ይቀላል።

ገጹ ላይ ያለው ሐረካ በግልጽ ስህተት ቢሆንስ? የሐዲስ ጸሐፊዎች ለዚህም መላ ነበራቸው። በዘገባ የመጣ፣ ግን ንግግሩ የተበላሸ ቃል ሲያጋጥማቸው አይሰርዙትም ነበር፣ ከላዩ ትንሽ ምልክት ያደርጉበታል። ምልክቱ "እኔም አይቼዋለሁ፣ የመጣው ግን እንዲሁ ነው" ይላል። ከኋላ የመጣ የተሻለ ዐዋቂ ያ ቃል ትክክል ሆኖ ሊያገኘው ይችላልና። እኛም የመጀመሪያውን መስመር እንዳለ ትተን እርማታችንን በሁለተኛው ላይ ብናደርግ የነሱን መንገድ ተከተልን ማለት ነው።

"እኛ ግን ያለ ሐረካ ማንበብ አንችልም" የምትሉ ወንድሞችና እህቶች እንዳላችሁ ይታወቃል። ልክ ናችሁ፣ ሁለተኛው መስመር የተጻፈው ለእናንተ ነው። በተለይ ዱዓእና ዚክር ሲሆን በምላስ የሚባል ነገር ስለሆነ፣ ሐረካ ካለበት የታወቀ ኪታብ ተገልብጦ ሙሉውን ቢሰጣችሁ ሐቃችሁ ነው። ሐቃችሁ ያልሆነው የሟቹ ሸህ ዝምታ በሌላ ሰው ድምፅ ተሞልቶ መቅረቡ ነው። ሐረካ የተደረገበት ጽሑፍ ሲደርሳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ጭረት ፎቶው ላይ አለ? የላከላችሁ ሰው "የለም፣ የእኔ ንባብ ነው" ብሎ ከመለሰ አማናውን ጠብቋል። ባዶ የተተወ ቃል ሲደርሳችሁም ተርጓሚው ዐረብኛ አነሰው አትበሉ፤ ምናልባት እዚያ ቃል ላይ የቆመው ከሁሉ በላይ ስለጠነቀቀ ነው።

አላህ ያየነውን እንዳየነው የምናደርስ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።